እንግዳው ከሄደ በኋላ የሚጮህ ስልክ፦ የአንድ ቪዲዮ ደወል የጉዳይ ጥናት

ቤቱና ሰዎቹ

ጉዳዩ ያጋጠመኝ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ የሐበሻ ቤት ነው። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራ፣ ፊቱ በቀይ ጡብ የተገነባ፣ ከሥሩ ቤዝመንት ያለው ነው። የሚኖሩበት በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ እናት፣ ልጃቸውና አማቻቸው ናቸው። ልጅቷ ነርስ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ፈረቃ ትገባለች። አማችየውም ታክሲ ስለሚነዳ ማምሻውን ቤት አይገኝም።

ቪዲዮ ደወሉን የገዙት በእናትየው ምክንያት ነው። መድኃኒታቸው በር ድረስ ይመጣል፤ አንዳንዱ ካልተፈረመለት ተመልሶ ይሄዳል። እሳቸው ደግሞ የማያውቁት ሰው ሲመጣ በር መክፈት አይወዱም። ሐሳቡ ደወሉ ሲጫን ልጆቹ በስልካቸው ማን እንደመጣ አይተው «እማዬ፣ ክፈቺለት» እንዲሏቸው ነበር።

የመሣሪያውን ዓይነት ከወዲሁ ልናገር፣ ምክንያቱም የቀረው ሁሉ የሚወሰነው በእሱ ነው። ደወሉ የሚሞላ ባትሪ የለውም፤ ከድሮው የበር ደወል ሽቦ በቀጥታ ኃይል ይወስዳል። በባትሪ የሚሠራው ዓይነት ኃይል ለመቆጠብ ይተኛል፤ ሲጠሩት መጀመሪያ ይነቃል፣ ቀጥሎ ዋይፋይ ይይዛል፣ ከዚያ ነው ምስል የሚልከው። ስለዚህ ጥቂት ሰከንድ መዘግየቱ ተፈጥሮው ነው። ባትሪ ያለውን ደወል ሽቦ ቢያገናኙለት እንኳ በብዙዎቹ ሞዴሎች ሽቦው ባትሪውን ከመሙላት ያለፈ ሥራ የለውም፤ መተኛቱን አይተውም። የዚህ ቤት ደወል ግን ሁልጊዜ ነቅቶ የሚጠብቅ ነውና ለመዘግየቱ ምክንያት መፈለግ ነበረበት።

ችግሩ

ሰው በር ላይ ቆሞ ሲጫን ቤት ውስጥ ያለው የግድግዳ ደወል ወዲያው ይጮሃል። ስልኩ ላይ ማሳወቂያው የሚደርሰው ግን ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ነው። ማሳወቂያውን ነክተው ቀጥታ ምስሉን ለማየት ሲሞክሩ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ ምስሉ ሲመጣ ባዶ ደረጃ ይታያል። ማታ ማታ ደግሞ ከነጭራሹ መሣሪያው አልተገናኘም የሚል ጽሑፍ ይወጣል። መድኃኒት አድራሹ ወረቀቱን በሩ ላይ ለጥፎ ሄዷል።

እኔ ከመጠራቴ በፊት ቤተሰቡ ብዙ ሞክሯል። የኢንተርኔት ጥቅሉን ወደ ውዱ አሳደጉ። መተግበሪያውን አጥፍተው እንደገና ጫኑ። ደወሉን በዋስትና አስቀይረው ተመሳሳይ አዲስ አገኙ፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ሆነ። በመጨረሻም ሳሎን ላይ የዋይፋይ ኤክስቴንደር ሰኩ። ከዚያ በኋላ መተግበሪያው የሲግናሉን ምልክት ሙሉ አድርጎ ማሳየት ጀመረ፤ መዘግየቱ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም አማችየው «ባሰበት» ብሎኛል።

የኢንተርኔት ጥቅሉን ማሳደግ ለምን እንዳልረዳ ግልጽ ነው። ኩባንያዎች ጎላ አድርገው የሚሸጡት ፍጥነት ወደ ቤት የሚገባው ነው። ደወል ግን ምስል የሚልከው ከቤት ወደ ውጭ ነው፤ ለዚያም በሰከንድ ሁለት ሜጋቢት አካባቢ አፕሎድ ይበቃዋል። የድሮው ጥቅላቸው ከዚያ እጅግ የበለጠ አፕሎድ ነበረው። የጎደለው ከደወሉ እስከ ራውተሩ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነበር።

መዘግየቱ የት እንዳለ መለየት

አንድ ማሳወቂያ ስልክ ላይ እስኪደርስ ብዙ እጅ ይቀያይራል። ደወሉ በዋይፋይ ለራውተሩ ይሰጣል፤ ራውተሩ በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይልካል፤ ሰርቨሩ ለአፕል ወይም ለጉግል የማሳወቂያ አገልግሎት ያስተላልፋል፤ ያ ደግሞ ስልኩን ይቀሰቅሳል። ከእነዚህ አንዱ ቢዘገይ በተጠቃሚው ዘንድ የሚታየው ያው «ዘገየ» ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመንካቴ በፊት የዘገየው የትኛው እጅ ላይ እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ።

ሁለት ስልኮች አስቀመጥን፤ አንዱ በቤቱ ዋይፋይ ላይ፣ ሌላው በሞባይል ዳታ ላይ። ደወሉን ተጭኜ ሰዓት ያዝኩ። ሁለቱም ስልኮች በተቀራረበ ጊዜ ጮኹ፤ ሁለቱም ከ25 ሰከንድ በላይ ፈጅተዋል። አንድ ስልክ ብቻ ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ የምመረምረው የዚያን ስልክ የባትሪ ቁጠባ ነበር። (የልጅቷ ስልክ በእርግጥም የራሱ ጉድ ነበረው፤ ሲስተሙ ለረጅም ጊዜ ያልከፈተችውን መተግበሪያ አስተኝቶት ነበር። ከቁጠባው ዝርዝር አወጣነው። ይህ ግን ትንሹ ክፍል ነው።)

ከሰዓቱ በላይ የነገረኝ የተቀዳው ቪዲዮ ነው። ያለፉትን ቅጂዎች ስናያቸው አብዛኞቹ የሚጀምሩት ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ ደረጃውን ሲወርድ ነው። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። የዘገየው ስልኩ ወይም የማሳወቂያ አገልግሎቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅጂው ከመጀመሪያው አንሥቶ ሙሉ ሆኖ ሰርቨሩ ላይ ይገኝ ነበር፤ የሚዘገየው ወሬው ብቻ ነው። ቅጂው ራሱ አንገቱ የተቆረጠ ከሆነ ግን ምስሉ ከደወሉ በጊዜ አልወጣም ማለት ነው። ችግሩ በር ላይ፣ ወይም በሩና ራውተሩ መካከል ነበር።

ዋይፋዩ

ራውተሩ የተቀመጠው ቤዝመንት ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ የብረት መደርደሪያ ላይ ነው። ከጀርባው የማሞቂያው ሰፋፊ የቆርቆሮ ቱቦዎች ያልፋሉ። ሲግናሉ ደወሉ ጋ ለመድረስ ቱቦውን፣ የቤቱን ወለልና የፊቱን ጡብ በሰያፍ ማቋረጥ አለበት። ጡብ በሰያፍ ሲታለፍ ከውፍረቱ በላይ ይወፍራል።

የደወሉ መተግበሪያ የሲግናሉን ጥንካሬ RSSI በሚል ስም በቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ወደ ዜሮ የቀረበው ይሻላል። እስከ -60 ዲቢኤም ድረስ ለቪዲዮ ጥሩ ነው፤ -70 ላይ ያስቸግራል፤ -80 ላይ መሣሪያው ተያይዟል ከማለት ያለፈ ጥቅም የለውም። ቁጥሩ በ10 በወረደ ቁጥር የሚደርሰው ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ይቀንሳል። ደካማ ሲግናል ላይ የተላከው መረጃ በመንገድ ይጠፋና እንደገና ይላካል፤ እንደገናም ይጠፋል። መዘግየቱ የሚወለደው እዚህ ድግግሞሽ ላይ ነው።

እዚህ ቤት ደወሉ የሚያሳየው -52 ነበር። ግሩም ቁጥር ነው፤ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ደወሉ የሚለካው በቅርብ ከያዘው ዕቃ ጋር ያለውን ግንኙነት ብቻ ነው፤ እዚህ ቤት ያ ዕቃ ሳሎን ያለው ኤክስቴንደር ነው። ኤክስቴንደሩ በበኩሉ ቤዝመንት ካለው ራውተር የሚያገኘውን በሌላ ስልክ በዋይፋይ መለኪያ መተግበሪያ ቦታው ላይ ቆሜ ስለካው -77 ሆነ። ኤክስቴንደሩ የሌለውን ነገር ነበር የሚያስፋፋው። በዚያ ላይ ከራውተሩ የሚቀበለውም ለደወሉ የሚያስተላልፈውም በአንድ ሬዲዮ ስለሆነ ጊዜውን ለሁለት ይከፍላል፤ ያለችውንም ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል። አማችየው «ባሰበት» ያለው ትክክል ነበር።

ኤክስቴንደሩን ነቅዬ ደወሉ በቀጥታ ከራውተሩ ሲያገኝ -75 አሳየ። ከዚያ ስልኬን ይዤ ውጭ፣ ደወሉ ጎን ቆምኩ። በሩ ክፍት ሲሆንና ሲዘጋ ቁጥሩ በሰባት ስምንት ዲቢ ይለያያል፤ በሩ በውስጡ ብረት ያለው ነው፣ ከፊቱም አልሙኒየም ዘንግ ያለው የመስታወት መዝጊያ አለ። ብዙ ሰው በሩን ከፍቶ ቆሞ ይለካና «ሲግናሉ ጥሩ ነው» ይላል። ደወሉ የሚኖረው ግን በሩ ተዘግቶ ነው።

መፍትሔው ራውተሩን ከቤዝመንት ማውጣት ነበር። ቤቱ ኢንተርኔት የሚያገኘው በኬብል ቴሌቪዥን ሽቦ ስለሆነ ሳሎን ግድግዳው ላይ የድሮ የኬብል መሰኪያ ነበር። መጀመሪያ ስንሰካው ኢንተርኔት አልመጣም፤ ሽቦው ታች ቤዝመንት ላይ ከማከፋፈያው ተነቅሎ ተንጠልጥሎ ነበር። መልሰን አጠበቅነው፤ ተነሣ። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሳይሆን ክፍት መደርደሪያ ላይ፣ የመግቢያው ኮሪደር አቅጣጫ አስቀመጥነው። ደወሉ የሚጠቀመው 2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ ነው፤ በዚያ ሰፈር ቤቶቹ ተቀራራቢ ስለሆኑ የጎረቤት ዋይፋይ ይበዛል። ስለዚህ የቻናሉን ስፋት ከ40 ወደ 20 ሜጋኸርትዝ አወረድኩት፤ ከ1፣ ከ6 እና ከ11 መካከልም የተሻለ ጸጥታ ያለውን መረጥኩ። ኤክስቴንደሩን ወደ ካርቶኑ መለስነው።

በሩ ተዘግቶ ደወሉ -59 አሳየ። ማሳወቂያው በአራት ሰከንድ ውስጥ ሁለቱም ስልክ ላይ ደረሰ፤ ቀጥታ ምስሉም ሁለት ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ተከፈተ።

የማታው ችግር

ከመሸ በኋላ ልጅቷ ከሥራ ቦታ ደወለች። ማሳወቂያው እንደገና ዘግይቷል፤ ምስሉ ይከፈትና ወዲያው ይቋረጣል። ቀን ላይ ስትሞክረው ደግሞ ምንም የለበትም።

ሲግናል ማታ ማታ በዚህ ልክ አይደክምም። ጎረቤት ሁሉ ቤቱ ሲገባ መጨናነቅ አለ፤ ግን እሱ ያዘገያል እንጂ መሣሪያውን አያጠፋም። የራውተሩን መተግበሪያ ከፍቼ ደወሉ ለምን ያህል ጊዜ ሳይቋረጥ እንደቆየ ተመለከትኩ። ቀኑን ሙሉ ሳይቋረጥ ውሎ ከምሽት ጀምሮ ቆጠራው ደጋግሞ ከዜሮ ተነሥቷል። ደካማ ሲግናል ላይ ያለ መሣሪያ ተያይዞ ይንቀራፈፋል። ቆጠራው ደጋግሞ ከዜሮ የሚጀምር ከሆነ መሣሪያው ራሱ ጠፍቶ እየበራ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል፤ እንደገና ተነሥቶ ዋይፋይ እስኪይዝ የሚፈጀው ጊዜ ለባለቤቱ «መዘግየት» ሆኖ ይታየዋል።

ይህን እያየሁ ሳለ እናትየው «ልጄ፣ ይሄ ሳጥን ማታ ማታ ያንጎራጉራል፤ ማንም አልሰማኝም እንጂ» አሉኝ። ያሳዩኝ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የግድግዳ ደወል ነው። ቀን ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ምንም የለም።

ጨለማ መጠበቅ አላስፈለገም። ውጭ ወጥቼ የደወሉን ፊት በጥቁር ወፍራም ጨርቅ ሸፈንኩት። ካሜራው መሽቷል ብሎ የኢንፍራሬድ መብራቱን አበራ። በስልኬ ቀጥታ ምስሉን ስከፍት ኮሪደሩ ላይ ያለው ሳጥን ማንጎራጎር ጀመረ፤ ትንሽ ቆይቶ ምስሉ ተቋረጠ። እናትየው ከሶፋቸው ሳይነሡ «ያውልህ!» አሉ።

የሆነው እንዲህ ነው። በአሜሪካ ቤቶች የበር ደወል ኃይል የሚያገኘው 120 ቮልቱን ወደ 16 ቮልት ገደማ ከሚያወርድ ትንሽ ትራንስፎርመር ነው። ትራንስፎርመሩ፣ የግድግዳው ደወልና የበሩ መጫኛ በአንድ መስመር ተከታትለው የተሳሰሩ ናቸው። የድሮው መጫኛ ሰው ካልነካው በቀር ኃይል አይፈልግም ነበር። ካሜራ ያለው ደወል ግን ሌት ተቀን ይጎትታል፤ የሚጎትተውም በግድግዳው ደወል ውስጥ ባለው ጥቅል ሽቦ በኩል ነው። ማታ የኢንፍራሬዱ መብራት፣ የቀጥታ ምስሉ ሥራና የዋይፋዩ ማሠራጫ ሲደመሩ ፍላጎቱ ጣሪያ ይነካል፤ ጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል ደግሞ የደወሉን ምት ለመምታት ሳይበቃ ያንቀጠቅጠዋል። ማንጎራጎሩ እሱ ነው።

ቀድሞ የመጣ አንድ ባለሙያ ቮልቱን ለክቶ «17 አለው፣ ደህና ነው» ብሏቸው ነበር። ቁጥሩ እውነት ነው። እኔም ሸክም ሳይኖር ስለካው 17.6 አገኘሁ። ግን ትራንስፎርመር ሳይጎተት የሚያሳየው ቮልት ስለ አቅሙ አይናገርም። ጨርቁን አልብሼ፣ ቀጥታ ምስሉን ከፍቼ፣ የመልቲሜትሩን ጫፎች ደወሉ ጀርባ ባሉት ሁለት ብሎኖች ላይ ሳደርግ 11.9 ሆነ፤ ፋብሪካው የሚጠይቀው ከ16 እስከ 24 ነው። ቤዝመንት ወርደን የትራንስፎርመሩን ጽሑፍ ስናነብ ደግሞ 16 ቮልት፣ 10 ቪኤ ይላል። ቮልቱ ትክክል፣ አቅሙ ትንሽ።

ሌላም ነገር ተገኘ። የደወሉ ካርቶን ውስጥ ሁለት ሽቦ ያላት ትንሽ ጥቁር ሳጥን ከነፕላስቲኳ ነበረች። ይህች የኃይል ማለፊያ ናት፤ ግድግዳው ደወል ላይ ተሠክታ ካሜራው የሚጎትተውን ኃይል ጥቅሉን ሳይነካ ታሳልፈዋለች። የድሮውን ደወል ሲተኩ ያለሷም ይሠራል ብለው ትተዋት ነበር። ይሠራል፤ እስኪመሽ።

ትራንስፎርመሩ በ16 ቮልት፣ 30 ቪኤ ተተካ። በአንድ በኩል 120 ቮልት ስላለበት ብሬከሩ ጠፍቶ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ሠራው፤ ይህን ሥራ ለማንም በዩቲዩብ አይታችሁ ሞክሩ አልልም። የግድግዳው ደወልም ለዚያ አቅም የተሠራ መሆኑ ተረጋገጠ። ጥቁሯን ማለፊያ ግድግዳው ደወል ውስጥ ፊት ለፊት በር እና ትራንስፎርመር ተብለው በተለዩት ብሎኖች መካከል አገናኘናት። በጨርቁ ስንፈትነው ቮልቱ ከ16 አልወረደም፤ ሳጥኑም ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ማታም ቀንም ማሳወቂያው አምስት ሰከንድ ሳይሞላ ይደርሳል። ልጅቷ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት ሆና ስትከፍተው አሁንም ይዘገያል፤ እዚያ የስልኳ ሲግናል ራሱ የለም፣ በደወሉ የሚስተካከል አይደለም።

ከጉዳዩ የሚወሰድ

ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ሁለቱ ችግሮች አንዱ ሌላውን መሸፈናቸው ነው። ዋይፋዩ ሳይስተካከል ትራንስፎርመሩን ቀይረው ቢሆን ደወሉ ሳይጠፋ እንዲሁ ይዘገይ ነበር፤ ቤተሰቡም «ኃይሉ አልነበረም» ብሎ ይደመድማል። ዋይፋዩን ብቻ አስተካክዬ ብሄድ ማታው ይቀራል፤ ማታ ደግሞ ደወሉ በጣም የሚፈለግበት ሰዓት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ቀይሮ መሻሻል ከታየ በኋላ በቀንም በማታም፣ በሩ ተዘግቶ መፈተን ያስፈልጋል።

በቤታችሁ ያለውን ለመለየት ሰዓቱን እዩ። ቀንም ማታም እኩል የሚዘገይ ከሆነ መጀመሪያ ዋይፋዩን ተከታተሉ፤ ከጨለማ ጋር የሚብስ ከሆነ ኃይሉን። በብርድ ወራት ብቻ የሚብስና ባትሪ ያለው ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መሙላት ስለሚያቆም ሽቦ ቢኖረውም እየጎደለ ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን ነቅሎ ቤት ውስጥ ሞልቶ መመለስ እንጂ ራውተር መቀየር አይረዳም።

ኤክስቴንደርን በጅምላ አልቃወምም። ነገር ግን መቀመጥ ያለበት ራሱ ጥሩ ሲግናል በሚያገኝበት፣ ብዙውን ጊዜ ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ነው፤ ሰው ግን ሲግናል የጠፋበት ክፍል ውስጥ ይሰካዋል።

ቤቱ ሌላ አገር ከሆነ

አውሮፓ ያላችሁ፣ በብሬከር ሳጥኑ ውስጥ የምታገኙት የደወል ትራንስፎርመር ብዙ ጊዜ 8 ቮልት ነው፤ ከ16 እስከ 24 ለሚጠይቅ ካሜራ ከመነሻው አይበቃም። 24 ቮልት የሚሰጥ ይገዛል።

አዲስ አበባ ላለ ቪላ ደግሞ ነገሩ ይለያል። ደወሉ የሚሰቀለው ቤቱ ላይ ሳይሆን ከግቢው አጥር ላይ፣ ከላሜራው በር ጎን ነው፤ በሩና ራውተሩ መካከል የግቢው ርቀትና የብሎኬት ግድግዳ አለ። እዚያ ከኤክስቴንደር ይልቅ ከራውተሩ እስከ በሩ አካባቢ የኔትወርክ ኬብል ስቦ ጫፉ ላይ የዋይፋይ አክሰስ ፖይንት መትከል ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ አብሮ ስለሚጠፋ በባትሪ የሚሠራው ደወል ራሱ ቢበራም የሚያወራው ሰው አያገኝም። ለራውተሩ የምትሆን ትንሽ የ12 ቮልት ዩፒኤስ ከደወሉ ጋር አብራችሁ ግዙ፤ አክሰስ ፖይንቱም ኃይሉን ከዚያው እንዲያገኝ አድርጉ።